የኤሮኒ ኮትና ከግድግዳው ሥር የበቀለው ጎደሬ

ኤሮኒ በውቅያኖስ መካከል ባለችው የደሴት ከተማ በሱቫ፣ በፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበረ። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ደረቱ ግን ሰፊ፣ ድምፁም ከባዶ በርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። በዚህ ዓለም የሚመካባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ከፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ ጫፍ የሚቆምባት ቦታ ናት። ሁለተኛው ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያበቀለው ጎደሬ ነው። ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል፤ ሥሩን አንድ ሰው ብቻውን ነቅሎ አይሸከመውም ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከፋሲካ ጀምሮ አላባራም። ሱቫ መቼም ዝናብ አጥታ አታውቅም፤ የዚያ ዓመቱ ግን ሰው ካልሲውን አድርቆ ለመልበስ ሳምንት የሚጠብቅበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ እሑድ ነው። አጠገቡ የሚቆመው ቴቪታ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። ኤሮኒ ልብ አላለውም። በሚቀጥለው እሑድ ቴቪታ ሌላ እርምጃ ጨመረ፤ ከኋላ የሚቆሙትም ሁለት ሰዎች ወደ ግራ ሸሹ። በአምስተኛው እሑድ ኤሮኒ ዙሪያው ባዶ ሆኖ፣ ችሎት ላይ እንደ ቀረበ ተከሳሽ ብቻውን ቆሞ ሲዘምር ተገኘ።

በሳምንቱ የመዘምራኑ አለቃ ማኖአ ወደ ቤቱ መጣ። ማኖአ ከኤሮኒ በዕድሜ ያንሳልና ምንጣፉ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አነሣ፣ ስለ ጎደሬው አመሰገነ፣ ከዚያ በብዙ ዙሪያ ጥምጥም ወደ ነገሩ ገባ። በነሐሴ ከየደሴቱ መዘምራን የሚሰበሰቡበት ትልቅ ጉባኤ አለ። ለዚያ ቀን ኤሮኒ ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቢቆም ለዜማው ይበጃል።

«ድምፅዎ ወፍራም ስለ ሆነ ከሩቅ ሲሰማ ያምራል» አለ ማኖአ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ።

ኤሮኒ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ድምፄ ሞተ ብሎ አሰበ። ከማግሥቱ ጀምሮ ዝንጅብል በማር ሲጠጣ፣ ባሕሩ ዳር ሄዶ በማዕበሉ ላይ ሲጮኽ ሰነበተ። ለሚስቱ ለሎሳሊኒ እንኳ አልነገራትም። የተከበረ ሽማግሌ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ መስኮት መሄዱ ለእርሱ በቁሙ ወደ መቃብር ከመሄድ አይለይም ነበርና።

እውነቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከኤሮኒና ከሎሳሊኒ በቀር። ግን በዚያ አገር ትልቅን ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ትሸታለህ ማለት ነውር ነው። ይህን የመሰለውን የመናገር መብት ያለው አንድ ዘመድ ብቻ ነው፤ የእናት ወንድም ልጅ። እነዚህ ሁለት ዘመዳሞች እርስ በርሳቸው ታቫሌ ይባባላሉ። መሰዳደብና መቀላለድ ግዴታቸው ነው፤ የተቀየመ ይዋረዳል።

የኤሮኒ ታቫሌ ኢሲሜሊ በሌላ ደሴት ያለችው የሌቩካ ሰው ሲሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲሠራና ሲጠግን የኖረ አናጢ ነው። ጉባኤው አራት ሳምንት ሲቀረው ዓሣ በቅርጫት ይዞ ከነሻንጣው መጣ። ሎሳሊኒ ሸሚዙን በቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲሰቅል ወደ መኝታ ቤት ላከችው። ገባ፤ የሣጥኑ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ወዲያው ሲዘጋም ተሰማ። ኢሲሜሊ ሸሚዙን እንደያዘ ተመልሶ ወጣ።

«ታቫሌ፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ የቀበርከው ማንን ነው?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለለቅሶ ሳትጠራኝ መቅበርህ ነው የገረመኝ።»

ሎሳሊኒ ምንም እንደማይሸታቸው ተናገረች። ኢሲሜሊም፣ «ዓሣ መቼ ራስኩ ብሎ ያውቃል?» አለና ጥቁሩን የመዘምራን ኮት አውጥቶ ከታቫሌው አፍንጫ ሥር አስጠጋው። ኤሮኒ አሸተተ። ከቤቱ ውጭ፣ በረንዳው ላይ፣ በንጹሕ አየር መካከል ሲያሸተው ጊዜ የአሮጌ ጆንያ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የተረሳ እርጥብ ፎጣ ሽታ ተደባልቆ መጣበት። በኮሌታው ሥር አመድ የመሰለ ሻጋታ ችፍ ብሏል።

ኤሮኒ ኀፍረትና ደስታ በአንድ ጊዜ ያዙት። «እንግዲያ ድምፄ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«ድምፅህንማ ሊሰሙት የሚችሉት መች ቀርበውህ?» አለ ኢሲሜሊ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ኤሮኒ ግን በሽታውን ካወቀ በኋላም መደበቁን አልተወም። ከገበያ ናፍታሊን ገዝቶ በየኪሱ ከተተ፤ ኮቱን አበባ በተነከረበት የኮኮናት ዘይት አሸው፤ የሱቫ ሰው እንደሚያደርገው በቁም ሣጥኑ ወለል ላይ ትንሽ አምፖል አበራ። ሌሊቱን የሣጥኑ ስንጥቆች ቢጫ ብርሃን ሲተፉ አደሩ። እሑድ ሲደርስ ሽታው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆነ። ማኖአ ዱላውን አንሥቶ ዜማውን ሲመራ ዓይኑ ያነባ ነበር፤ ምእመናኑ መንፈስ የነካው መስሏቸው አብረው አለቀሱ።

«አሁን ደግሞ ሬሳውን ሽቶ ቀባኸው» አለ ኢሲሜሊ በመንገድ ላይ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣ ጀልባ ውስጥ ውኃ ሲገባ ቀዳዳውን እንጂ ውኃውን የሚያሳድድ አናጢ ሞኝ እንደ ሆነ ነገረው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳቡት። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለ ኖረ አየር በጀርባው አልፎ አያውቅም። የጀርባው ኮምፔንሳቶ አብጦ እንደ እርጥብ ብስኩት በጣት ይፈርሳል፤ ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። ሎሳሊኒ በየዓመቱ ትወለውለው እንደነበረ ተናገረች። ኤሮኒም አምና ቀለም ቀብቶት ነበር፤ ቀለሙ አሁን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጦ ተንጠልጥሏል።

ኤሮኒ እርጥበቱ ከአየር ነው፣ ሱቫ እንደዚህ ናት ብሎ ተከራከረ። ኢሲሜሊ ከሻንጣው ላስቲክና ፕላስተር አወጣ። የግድግዳውን አንድ ቦታ በጨርቅ አድርቆ፣ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ለጠፈበትና ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቆ ዘጋው። ከላይ፣ ከደረት ከፍታ ላይም ሌላ ለጠፈ። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ከአየር ነው፤ ከሥሩ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ከግድግዳው ነው አለ።

በማግሥቱ የላይኛው ላስቲክ በሁለቱም በኩል ደረቅ ነበር። የታችኛው ከውጭ በኩል ደርቆ ከሥሩ ላብ እንዳጠመቀው ግንባር ውኃ ቋጥሯል።

«ከዚህ ግድግዳ ውጭ ምን አለ?» ሲል ኢሲሜሊ ጠየቀ። የሚያውቀውን ነበር የጠየቀው።

ኤሮኒ የላስቲኩን ፕላስተር ይልጥ ጀመር። ሎሳሊኒ ግን፣ «ጎደሬው» አለች።

ወጥተው አዩት። ኤሮኒ ጡረታ በወጣበት ዓመት ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ አፈር ከምሯል፤ ክምሩ ከቤቱ ወለል አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ጎደሬ ውኃ ስለሚወድም የጣራውን አሸንዳ ቱቦ በገዛ እጁ ቆርጦ ወደ ክምሩ አዙሮታል። የሱቫ ሰማይ ያወረደው ሁሉ በዚያ ቱቦ ወርዶ፣ በአፈሩ ተይዞ፣ ቀን ከሌት ግድግዳውን ሲያጠጣ ስድስት ዓመት ሆነው።

ኤሮኒ ከጎደሬው ፊት ለፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። መጋቢው የበሉት ከዚህ ነው፤ ማኖአም ሦስት ጊዜ ወስዷል። አሸንዳውን እጠርጋለሁ፣ ሣጥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ እወስዳለሁ፣ ኮቱን ፖስታ ቤት አስቀምጣለሁ አለ። ኢሲሜሊ ክርክሩን ትቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው ሎሳሊኒ ናት።

«የኡናይሲ አባት» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ጎደሬው ከግድግዳው ሥር ከቀረ አንተ ከመስኮቱ ሥር ትቀራለህ። ምረጥ።»

ኤሮኒ ትልቁን ቅጠል በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ ዶማውን አመጣ። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም፤ እያንዳንዱን ሥር ሲነቅል በስሙ የሚሰናበተው ይመስል ነበር።

አፈሩን ከወለሉ ሁለት ስንዝር ዝቅ እስኪል ድረስ ጠረጉት፤ ውኃው ከቤቱ እንዲሸሽም ምድሩን ወደ አጥሩ አዘነበሉት። ቱቦውን ወደ መንገዱ ቦይ መለሱት፤ በማንጎ ቅጠል የታፈነውን አሸንዳም ከፈቱት። ከውስጥ ኢሲሜሊ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሻጋታውን በሳሙናና በውኃ አጠበ። ኤሮኒ በደረቅ መጥረጊያ ሊያራግፈው ቢነሣ፣ «ዘሩን በቤቱ ሁሉ ልትዘራ ነው? ገበሬነትህ አልለቅህ አለ» ብሎ ከለከለው። ቀለምም አላስቀባውም፤ ግድግዳው ውስጡ ድረስ ሳይደርቅ ቀለም የሚቀባ እባብ በሙዳይ የሚዘጋ ነው አለ። የሣጥኑን የበሰበሰ ጀርባ ጥሎ፣ በመካከላቸው አየር የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ጣውላዎች መታበት፤ እግርም አበጀለትና ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ አቆመው።

የቀረው ፀሐይ ነበረ። ሎሳሊኒ ልብሱን ሁሉ አጠበች፤ ኮቱን ውጭ አውጥታ ቦረሸችው፣ ገበሩንም ኮምጣጤ በጠብ በጠብ በተጨመረበት ውኃ ወለወለችው። ከዚያ ደመናው በተገለጠ ቁጥር ሦስቱም ልብስ ይዘው ወደ ገመዱ ይሮጣሉ፤ ባካፋ ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወጥተው ገቡ። ጎረቤቶቻቸው ወንበር አውጥተው ይመለከቷቸው ጀመር። በመጨረሻ፣ ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ ወጣ። ኢሲሜሊ አዲስ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ከሥሩ የተገኘው ጤዛ የጣት ጫፍ እንኳ የሚያርስ አልነበረም። አምፖሏም ያኔ ገና ሥራ አገኘች፤ በዝናብ ቀን ከአየሩ የምትመጣውን ጥቂት እርጥበት ማባረር አላቃታትም።

በጉባኤው ዋዜማ ማኖአ ስለ ቦታው ሊያስታውሰው መጣ። ኤሮኒ ኮቱን ለብሶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻውን እስኪነካ ተጠጋው። ማኖአ እስትንፋሱን ያዘ፣ ቆየ፣ ግድ ሆነበትና ሳበ። ፊቱ ፈታ አለ።

«አባት፣ ሳስበው ከፊት ቢቆሙ ሳይሻል አይቀርም» አለ።

በማግሥቱ ኤሮኒ በሽርጡና በጥቁሩ ኮቱ ከረድፉ በስተቀኝ ጫፍ ቆመ። ቴቪታ መጥቶ እንደ ድሮው ተጠጋው። የተነቀለው ጎደሬ ሁሉ ለጉባኤው ግብዣ ተቀቅሏልና ሽታው በአዳራሹ ኋላ ደስ ይል ነበር። ዜማው ተነሣ። ኤሮኒ በባሕሩ ዳር ከማዕበል ጋር ሲታገል የከረመውን ድምፁን ሁሉ ለቀቀው።

የመጀመሪያው መዝሙር ሲያልቅ ማኖአ ቀረብ ብሎ በጆሮው ሹክ አለው፤ «አባት፣ ይቅርታ፤ ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት።»

ከምእመናኑ መካከል የተቀመጠው ኢሲሜሊ አፉን በመዝሙር መጽሐፉ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኤሮኒ አየው፤ አልተቀየመም። ኮቱን አስተካክሎ፣ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል፣ ድምፁን በፀጉር ስፋት ያህል ዝቅ አደረገ።