የአስናቀች ላፕቶፕ ሌላ ሰርግ ትችል ይሆን?

አስናቀች ተበላ ከተማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ታቀናብራለች። በሁምቦ ወረዳ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት የተዳረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ላፕቶፗ ውስጥ አለ። አንዱንም አጥፍታ አታውቅም። ሰው ስልኩ ሲሰረቅ «አስናቁ፣ ሰርጌን አንቺ ዘንድ አላጣውም» ብሎ ይመጣል፤ አያጣውምም። አንዴ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዝታ ገና አንድ ሙሽራ ሳይቀበል ከባጃጅ ላይ ወድቆ ስለቀረ፣ በገመድ የሚንጠለጠል ዕቃ ከዚያ ወዲያ አታምንም።

አሁን ግን ላፕቶፗ ጢም ብላ ሞልታለች። የሥራ ማስታወሻዋም (ራሙ) አራት ጊጋ ብቻ ስለሆነ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ስትከፍት ደርሶ መልስ ገበያ ያስኬዳል። ቅዳሜ ደግሞ የሳህሊቱ ሰርግ ነው። ቃል ገብታለች፤ ቦታ የለም።

ከተሰረዘ የሚሰረዘው አንድ ፋይል ነው፦ መጀመሪያ የቀረጸችው የአክስቷ ልጅ ሰርግ፣ ማንም ጠይቋት የማያውቅ፣ ሳይቆረጥ የተቀመጠ። ችግሩ እናቷ እዚያ ውስጥ መሆኗ ነው። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ሌላ ቪዲዮ የላትም። እዚህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በየጥጉ አለች፤ ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ ትጨፍራለች። አስናቀች የእናቷን ብቻ ቆርጣ ልታስቀር ሞከረች። የቱን እንደምትጥል ግራ ገብቷት ተወችው።

የተበላ ከተማው ጠጋኝ ከላፕቶፗ ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ አይቶ ነበር። «አንድ የማስታወሻ ማስገቢያ፣ እሱም የተያዘ። ይህቺ ሌላ አትቀበልም፤ ሽጫት» አላት። እሷ ግን ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወላይታ ሶዶ ገባች።

ይስሐቅ መናኸሪያው አጠገብ ላፕቶፕ የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው። ነገር ሳያይ አይናገርም፣ አይቶም ቶሎ አይናገርም።

«ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ትችላለች አትችልም ብቻ ንገረኝ» አለችው።

«በቃል አልመልስም፤ ክፈቻት።»

ተግባር መቆጣጠሪያውን (ታስክ ማናጀር) ከፍቶ የማስታወሻውን ገጽ አየ። ከሁለት ማስገቢያ አንዱ ብቻ ተይዟል ይላል።

«ታዲያ ሌላው የት ሄደ?»

«ኮምፒውተርም አንዳንዴ ይዋሻል» ብሎ ባትሪውን አወጣ፣ ከሥሩ የሞዴሉን ቁጥር አነበበ፣ የፋብሪካውን መመሪያ በስልኩ አወረደ። ሁለት ማስገቢያ፣ ቢበዛ ስምንት ጊጋ። ሁለተኛው ከኪቦርዱ ሥር።

ብሎኖቹን ፈትቶ ኪቦርዱን ቀስ ብሎ አነሳው። ባዶው ማስገቢያ እዚያው ነበር፤ አቧራና የሙሽሮች ብልጭልጭ ሞልቶበታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጣቶቿ ሥር! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አስናቀች ለራሷ ሳቀች፣ የተበላ ከተማውንም ጠጋኝ በልቧ ወረፈችው።

ይስሐቅ ጠርጎ፣ ከመሳቢያው አንድ ባለ አራት ጊጋ ማስታወሻ አነሳ። «አዲሱ ዓይነት እዚህ አይገባም፤ ይህቺ ስንጥቅ ከዚያች ጉጥ ጋር ካልገጠመች በግድ አይባልም» አለ። ይህኛው ገጠመ። ሁለቱ መያዣዎች ጠቅ አሉ። ባትሪውን መልሶ አበራት።

ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። አስናቀች እዚያው ቆማ ቀረች፤ ሳህሊቱም እናቷም በአንድ ላይ ታዩዋት።

«ቆይ» አለ ይስሐቅ። አጥፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ አዲሱን ማስታወሻ ነቀለው፣ የብረት ጥርሶቹን በላጲስ ጠራርጎ መልሶ ተጫነው። በራች። ስምንት ጊጋ ትላለች።

«ቪዲዮዎቹ የሚቀመጡበት ዲስኩስ?»

«መጋጠሚያው የተለመደው ነው። የሚያሰጋው ውፍረቱ ነው፤ ይሄ ግን ከድሮው ይቀጥናል» ብሎ ባለ አንድ ቴራውን አዲስ ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ አሳያት። ከመክተቱ በፊት አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጠበት። ሁለት ሰዓት ወሰደ። እሷ አምስት ጊዜ ተነስታ አምስት ጊዜ ተቀመጠች።

ከዚያ ገጠመው፣ የተረፈውን ቦታ ከፈተላትና የሚሞክርበት አንድ ትልቅ ቪዲዮ ጠየቃት። የትኛውን እንደምታሳየው ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም።

ቪዲዮው ሳይደናቀፍ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ድስቱን ያለጊዜው የከፈተውን ሰው በወላይትኛ ታብጠለጥለዋለች። ይስሐቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«ደህና ናቸው?»

«አርፋለች። ዛሬ ላፕቶፔ እምቢ ብትለኝ ማታ ልሰርዛት ነበር።»

ለመፈተሻ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ይስሐቅ ሊዘጋው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ሰበሰበው። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስከ መጨረሻው እንየው» አለ። «መሀል ላይ ቢቆም ማወቅ አለብኝ።»