የሃያ ስድስት ድምፆች ዝርዝር

እትዬ መልእክት መጻፍ አይወዱም። ፊደል ጠፍቷቸው አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ስለማይሉ ነው። ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። እኔ ደግሞ ከታች፣ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጎን በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ለሱቆችና ለማረፊያዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ አንድ ሁለት እያለ መመለስ ሲጀምር፣ "የክፍል መመዝገቢያ ሥሪልኝ" አሉኝ።

"የሚፈልጉትን ሁሉ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ነገሩኝ። በአምስት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። አንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ አንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያልፋል። ግቢ ውስጥ እየተዘዋወሩ የቀዱት አለ፤ ከኩልመስክ ቅቤ ገዝተው ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው የላኩትም አለ።

ሁሉንም ቁጭ ብዬ ለማዳመጥ ትዕግሥት አልነበረኝም። ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም አሳለፍኳቸውና አሥራ አራት ገጽ ወጣ። አራት ነጥብ የለው፣ ነጠላ ሰረዝ የለው፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ዝም ብሎ የሚወርድ ጽሑፍ። የእኔ ሥራ ያንን ወደ አንድ ገጽ ማውረድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት በቁጥር የሚናገር ዝርዝር። ደንበኛው አንብቦ "አዎ፣ ይኸው ነው" ሳይል አንድ መስመር ኮድ አልጽፍም።

አሠራሬ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይላል። ከጎኑ ከየትኛው መልእክት እንደመጣ እጽፋለሁ። ሁለት ንግግር ከተጋጨ በራሴ አልፈርድም፤ "ይጠየቅ" በሚል ርዕስ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ቢያንስ እንደዚያ ነው ለሰው የምናገረው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አስደስቶኝ ነበር። ስለ አንድ አስጎብኚ የነገሩኝ የሰባት ደቂቃ ብሶት ነበር፤ ሰውየው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲነግራቸው እሳቸው በእኛ መዝግበውት፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲደርሱ ክፍሉ በሌላ ሰው ተይዟል። ያ ሁሉ ብሶት "ቀኑ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይታይ" ወደሚል አንድ መስመር ወረደ። ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ ያማረሩት ደግሞ "ኔትወርክ ሲጠፋም ይመዝግብ፤ ሲመለስ ራሱ ያስተካክል" ሆነ። ጽሑፉ ላይ "ቅዳሜ ክፍያ" የሚል አገኘሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ለማመን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ኋላ ግን ዙሪያውን ሳነብ "ቅድሚያ ክፍያ" መሆኑ ገባኝ። ማሽን እንዲህ ይስታል። እንደ እሱ ያለውን እያረምኩ ሄድኩ።

ዘጠነኛው መልእክት ላይ ስለ ፎጣ ሲናገሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ "በየሁለት ቀኑ ይቀየር አራት ተኛ ተኛ ሰው አለበት እላቸዋለሁ የት ደረስኩ"። አየሁትና ማሽኑ "አራተኛ" የሚለውን ቃል ሰባብሮት ነው አልኩ። "አራተኛው፣ ሰው አለበት" ብዬ አረምኩት። አሥራ ሰባተኛው ላይም "ሰው አለበት" የሚል ተደግሟል። ሁለተኛው መልእክት ላይ ግን "ስምንቱም ይከራያል" ብለዋል። ይህን "ይጠየቅ" ሥር ማስቀመጥ ነበረብኝ። ቸኮልኩ። የኋለኛው ንግግር የፊተኛውን ይሽራል ብዬ ስድስተኛ ቁጥር ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ከስምንቱ ክፍሎች አራተኛው ቋሚ ነዋሪ ስላለበት አይከራይም።"

ዝርዝሩን ላክሁላቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"አራት ቁጥር ሰው አለበት ያለሽ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።"

"እኔ?"

"ዘጠነኛው መልእክት ላይ። አሥራ ሰባተኛውም ላይ አለ።"

"አላልኩም" አሉ። ከዚያ ቃሉን እየመዘኑ፣ "ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም። ስምንቱም ይከራያል ነው ያልኩሽ። የሰፈር ሰው ነው የነገረሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልነገረኝም።"

ስልኩን ዘጉት። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁና ዘጠነኛውን መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት።

በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሄድ እግር ይሰማል። የቁልፍ ዘለላ ይንሿሿል። እትዬ በለመድኩት ድምፃቸው፣ ጮክ ብለው፣ ስለ ፎጣ ይናገራሉ። ከዚያ "አራት..." ይሉና እግራቸው ይቆማል። ቁልፉም ዝም ይላል። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የእሳቸው ነው፤ ግን አላውቀውም። ዝቅ ያለ ነው፤ በር ላይ አፍን አስጠግቶ እንደሚናገር ሰው። "ተኛ። ተኛ። ሰው አለበት እላቸዋለሁ።" ከዚያ እግሩ ይነሣል፣ ቁልፉ ይንሿሿል፣ ድምፃቸውም ይመለሳል፦ "የት ደረስኩ? አዎ፣ ፎጣው።"

ክፍሌ በፀሐይ ብርሃን ተሞልቶ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊው ማሽን ይሰማል። እንደዚያም ሆኖ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

"ተኛ።" ድምፁን ወደ ጽሑፍ የቀየረው ማሽን አልሳተም ነበር። የሳትኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ወንድ ልጅ የተነገረ ቃል ወስጄ የቁጥር ጭራ አድርጌዋለሁ።

ያን ቀን ሃያ ስድስቱንም አዳመጥኩ። ስድስት ቦታ ላይ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀዳው ላይ "ቅቤውን ይዤልሃለሁ" የሚል ነበር። ጽሑፉ ላይ ሳነበው ከሾፌሩ ጋር እያወሩ ነው ብዬ ዘልዬው ነበር። አሁን ስሰማው ለሾፌር የሚነገር አልነበረም።

እኔ የፍላቂት ልጅ ነኝ፤ ላሊበላ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ ቁስል አላውቅም። ልብስ ሰፊው ግን ያውቃሉ። ወጥቼ በራቸው ላይ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እትዬ ወንድ ልጅ አላቸው?"

እግራቸውን ከማሽኑ ላይ አነሡ። "ነበራቸው" አሉና ወዲያው ደግሞ "አላቸው። እንግዲህ ምን ይባላል?" አሉ። ልጁ በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጠዋት፣ ሙጃ የሚኖሩትን አያቱን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ሙጃ አልደረሰም። ወደ ቤቱም አልተመለሰም። አየሁት የሚል ሰው የለም፤ ቀበርኩት የሚልም የለም። የንስሐ አባታቸው መጥተው "ፍትሐቱንና ተዝካሩን እናድርስለት" ቢሏቸው፣ "ለማን?" ብለው መለሱ አሉ። ከዚያ ወዲህ የልጁን ነገር ማንም አንሥቶባቸው አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ዝርዝሩን ይዤ ወደ ማረፊያው ወጣሁ። ስድስተኛውን ቁጥር አውጥቼ "ይጠየቅ" ሥር አስቀምጬዋለሁ። እትዬ ግቢው ውስጥ አንሶላ ያሰጣሉ። ገና ሲያዩኝ "አሰሚኝ" አሉ።

"ይቅር፣ እትዬ። የሚከራየውን ክፍል ብዛት ብቻ ይንገሩኝ።"

"አሰሚኝ አልኩሽ።"

ስልኩን ሰጠኋቸው። እርጥብ አንሶላ ክንዳቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙ። አላለቀሱም። ሲያልቅ ስልኩን አገላብጠው አዩት።

"ይኸ የእኔ ድምፅ ነው?"

"ነው።"

"ስንት ቦታ ላይ አለ?"

"ስድስት።"

"እንግዲያ ሁልጊዜ ነው ማለት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሠራተኞቹ ሲሰሙኝ ኖረዋል።"

ከዘለላው አንዱን ቁልፍ ለይተው አራት ቁጥርን ከፈቱ። አልጋው ተነጥፏል። መስኮቱ ተወልውሏል። ወንበሩ ላይ አንድ ጃኬት ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሰው ጠረን የለም፤ አቧራም የለም። እሳቸው አልገቡም፤ እኔም አልገባሁም። ሁለታችንም መድረኩ ላይ ቆምን፤ እኔ ግን አንድ ሰው እንዳንቀሰቅስ ብዬ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

"ላከራየው ፈልጌ እኮ ነው" አሉ። "ለዚያ ነው ስምንት ያልኩሽ። ስምንት ብዬ ከተናገርኩ ይሆናል ብዬ።"

"እና ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ሌሎቹ ምን ይላሉ፣ የማይከራይ ክፍል ሲኖራቸው?"

"'ጥገና ላይ' ይላሉ።"

"አልተበላሸም።"

"'ተይዟል' ማለትም ይቻላል። ግን ፕሮግራሙ የእንግዳውን ስም ይጠይቃል። የሚወጣበትንም ቀን።"

በተናገርኩት አፈርኩ። በሩን መልሰው ዘጉት፤ ሲዘጉት ድምፅ እንዳያወጣ በመዳፋቸው ደግፈው ነበር።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስድስተኛውን ቁጥር እንደገና ጻፍኩት፤ አነበብኩላቸውም። "የሚከራዩ ክፍሎችን ባለቤቷ ብቻ፣ በፈለጉ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይጠየቁ ይጨምራሉ፤ ይቀንሳሉ። ሲጀመር ሰባት ይሆናሉ።"

"'ምክንያት ሳይጠየቁ' የሚለውን እኔ አልኩት?"

"አላሉም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘርግተው ጫፉን አስተካከሉ። "ይቆይ" አሉ። ከዚያ ዝርዝሩን ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ አስነበቡኝ፤ ስለ ቅድሚያ ክፍያው አንድ ቃል አስለወጡኝ፤ "አዎ፣ ይኸው ነው" አሉ።

ፕሮግራሙ ተሠራ፤ እስካሁንም ይሠራል። ማን ምን እንደነካ የሚመዘግብበት ቦታ አለው፤ ስህተት ሲፈጠር የማየው ነው። አንድ ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አራት ቁጥር ወደሚከራዩት ክፍሎች ተጨምሮ አየሁ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ወጥቷል። የነካው ሰው ስምም የእሳቸው ነው። አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬም ሰው ድምፅ ሲልክልኝ ወደ ጽሑፍ እቀይረዋለሁ፤ ጊዜ ይቆጥባል። ግን ዝርዝሩን ከመላኬ በፊት ሁሉንም በጆሮዬ እሰማለሁ። አንዳንዴ የማላውቀው ደንበኛ በንግግሩ መሐል ዝም ሲል፣ ቀጥሎ ማን ሊናገር እንደሆነ ጠብቄ ሰውነቴ ይሰበሰባል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሲያስል ነው የሚሰማው።

ባለፈው ገና አጎቴና ሚስቱ ከፍላቂት ሊሳለሙ መጡ። ከተማው በነጭ ለባሽ ተሞልቶ ማደሪያ የለም። እትዬ ዘንድ ደወልኩ።

"ሞልቷል፣ ልጄ" አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። መመዝገቢያው ላይ ሰባቱም ተይዘዋል፤ አራት ቁጥር ከሚከራዩት ውስጥ የለም። "እሺ፣ እትዬ፤ እንኳን አደረሰዎት" አልኳቸው። አጎቴንና ሚስቱን ሌላ ማደሪያ የለም ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ ሦስታችንም አንድ ምንጣፍ ላይ አደርን።