ዘጠነኛው ቋጠሮ

ደባርቅ ላይ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር በደርግ ጊዜ ሲቋቋም አገርነሽን የዕቃ ኃላፊ ያደረጓት ዓይኗን አይተው ነው። ሁለት ጥቁር ክር ቢያሳዩዋት የትኛውን ፀሐይ እንደመታው ትለይ ነበር።

የደንበኛ ጨርቅ ሲገባ በሜትር ትለካና በሲባጎ ታስረዋለች። ለየግማሽ ሜትሩ ሲባጎው ላይ አንድ ቋጠሮ፤ ከጎኑ በቀለሙ የተመረጠ ክርና በሽቦ የተሰካኩ ቁልፎች። መዝገቡም ነበር፤ ሰፊዎቹ ግን የሚያምኑት ሲባጎውን ነው።

ለጥር ሠርግ ሥራ ሲበዛ ጥቅሎቹን ፈትታ ቆጠረች። የጃናሞራው ሽማግሌ የገብረ ኪዳን ካኪ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቁልፉ ልክ ነው፤ ክሩም ልክ ነው። ሲባጎው ዘጠኝ ቋጠሮ አለው፤ ጨርቁ ግን አራት ሜትር ብቻ።

«ግማሽ ሜትር የት ገባ?» አለች።

ቆራጩ ስማቸው መቀሱን አስቀመጠ። «እንግዲህ በእኔ ነው የሚሳበበው። ባርኔጣ ሰፍቼ አድርጌው ይሆናል፣ ጭንቅላቴን እዪው።»

ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። ጨርቅ በላ የተባለ ሰፊ ቢምል ማን ይሰማዋል? አምና እንዲህ የተባለ አንድ ሰው ከማኅበሩ ወጥቶ፣ የስፌት መኪናው በዝናብ ቀን እንደታሰረች በቅሎ ቆሞ ቀርቷል።

አገርነሽ ግን አልከሰሰችውም፤ ነገሩ ገረማት። የጨርቁን ሁለት ጫፍ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየች። ሁለቱም ጫፍ ተፈርፍሯል፤ አቧራ ይዟል። አዲስ መቀስ አልነካውም።

«ስማቸው፣ ይህን ጨርቅ ስረከብ ለክቼው ነበር?»

«ገበያ ቀን አልነበር? ሽማግሌው ‹ዘጠኝ ክንድ ነው፣ ራሴ ለክቼዋለሁ› አሉሽ። አንቺም ‹እሺ አባባ› ብለሽ ቋጠርሽ።»

አስታወሰች። በሰው ፊት በሽማግሌ ቃል ላይ ሜትር መዘርጋት ነውር መስሏት ነበር። ክንዱን ግማሽ ሜትር አድርጋ ወሰደችው።

ቅዳሜ ገብረ ኪዳን ሲመጡ ካኪውን ዘረጋችላቸው። «አባባ፣ ያኔ እንዴት እንደለኩት ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ክርናቸውን አስደግፈው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለኩ። እየቆጠሩ ሄደው ልክ ዘጠነኛው ክንድ ሲሞላ ጨርቁ አለቀ።

«ይኸው ዘጠኝ፤ ጎደለ እንዴ?» አሉ።

«አልጎደለም። ክንድዎ ከግማሽ ሜትር ቢያንስ ነው እንጂ።»

ገብረ ኪዳን ክንዳቸውን አገላብጠው አዩ። «ባለቤቴ ስታጭድ ነዶው ከእኔ ይበልጥ የነበረው ለካ በዚህ ነው።»

ስማቸው ቀና አለ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ትንፋሹ የተለቀቀ መሰለ። «የሱሪውን ጫፍ ሳልቀለብስ፣ የኪሱን ውስጥ ከአቡጀዲ ብሠራው ይበቃዎታል። ለልጅዎ ሠርግ ማን ኪስዎን ያያል?»

አገርነሽ ዘጠነኛውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፤ መዝገቡንም አረመች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌም ሆነ ቄስ ጨርቅ ሲያመጣ የሜትሩን አንድ ጫፍ ታስይዘዋለች፤ «ያዙልኝማ አባቴ» እያለች።