በላዩ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር

እኔ ችኩል ነኝ። እናቴ «ይሄ ልጅ ሳይድህ ሊሮጥ ነው» ትለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ስሆንም አመሌ አልለቀቀኝም።

አንድ ጠዋት ሊጥ ማቡኪያው የአንዲት ሠራተኛን እጅ ያዘ። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ ማሽኑ ይዞር ነበር፤ ቀዩን ቁልፍ መትቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ። መቼም ማሽን ያለ ሰው አይነሳም። ስለዚህ የአደጋ ሪፖርቱ ላይ «ሠራተኛዋ ማሽኑን ራሷ አስነስታ እጇን አስገብታለች» ብዬ ጻፍኩ፣ የጻፍኩበትን ሰዓት ሞላሁ፣ ፈረምኩ። መዝገብ ቤት የገቢ ማህተም ተመታበት። ልጅቷ ከአንኮበር ገጠር የመጣች፣ እናቷንና ታናናሾቿን የምትጦር ናት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ተሰብስቦ በዚያች ዓረፍተ ነገር ሊያባርራት ነበር።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ጉሙ ከመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ከተማው የት እንደገባ አይታወቅም። መብራት ጠፋ። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ማሽን ይታጠባል፤ ምርት ቆሟል፣ እጅ ሥራ አይፈታም፣ ልማድ ነው። ያን ቀን ግን ማቡኪያውን የሚነካው አልነበረም። ሠራተኞቹ «እሱስ ደም ለምዷል» ብለው ርቀውት ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

ድንገት ባዶው ገንዳ ውስጥ የማቡኪያው ክንድ ዞረ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። የጣሪያው መብራት ተመልሶ ገና እየተርገበገበ ነበር። ቁልፉ አጠገብ ማንም የለም፤ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። በስመ አብ! ጠጉሬ ቆመ። ወደ በሩ እያፈገፈግሁ፣ እዚያ ባዶ ገንዳ ውስጥ የእሷ እጅ ታየኝ። አደጋው የደረሰ ቀንም መብራት ጠፍቶ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሪፖርቴ ላይ ግን ስለሱ አንድም ቃል የለም።

ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቼ ሳጥኑን አስከፈትኩ። ማስነሻው እየተበላሸ ሲያስቸግር በሽቦ አገናኝቶታል፤ መብራት በመጣ ቁጥር ማሽኑ በራሱ ይነሳል።

«ማን አድርግ አለህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ? ‹እንደምንም አስነሳው፣ ምርት እንዳይቆም› አላልከኝም?»

ብዬዋለሁ። ጉድ ፈላ!

ማሽኑን ከመስመር አስነቅዬ «አይነካም» አስለጠፍኩበት። ከዚያ ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ንጹሕ፣ ሽቦው ያለበት፣ የእኔ ትእዛዝ የሌለበት። ይዤው ወደ መዝገብ ቤቷ እትዬ ሄድኩ፤ ጡረታ የቀረባቸው፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ያኛውን ይስጡኝና በዚህ ልለውጠው።»

«አይሆንም ልጄ። የገባ ወረቀት አይወጣም፤ ይጨመርበታል እንጂ።»

«እሺ በነጩ ማጥፊያ፣ በፍሉድ ላጥፋው?»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ልትደብቅ ነው ልታርም? አንድ መስመር ብቻ ስበህ፣ ሥሩ እንዲነበብ። አጠገቡ ፈርም፣ የዛሬን ቀንና ሰዓት ጻፍ። አዲሱን በሌላ ወረቀት፣ ‹ተጨማሪ መግለጫ› ብለህ፣ የሪፖርቱን ቁጥር ጠቅሰህ፤ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን፣ እንዴት እንዳወቅህ። ለኮሚቴው በሄደው ቅጂ ላይም እንዲሁ።»

መስመሩን ሳብኩ። ዓረፍተ ነገሩ ከመስመሩ ሥር እያየኝ ቀረ፤ ሳይሰመርበት ከነበረው ይልቅ አሁን ጎላ ብሎ ታየኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁት። ተጨማሪው ላይ የመብራቱን መጥፋት፣ ማክሰኞ ያየሁትን፣ ሽቦውን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የራሴንም ትእዛዝ ጨመርኩ። «‹ራሷ አስነስታ› ያልኩትን አላየሁም፤ ገምቼ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ሐሙስ ልጅቷ እጇ እንደተጠቀለለ መጣች። ኮሚቴው ክሱን ዘጋ፤ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። የሚገባኝ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች እንድታያቸው ሰጧት። አዲሱን ቶሎ አነበበችው። አሮጌው ላይ ቆየች፤ የተሰመረበትን በደህናው እጇ ጣት እየተከተለች አነበበች፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ሪፖርቱ የተጻፈበትን ሰዓት አየች።

«አራት ከሩብ» አለች፣ ሳትቆጣ። «አምቡላንስ እየጠበቅን ሳለ ነው። አጠገቤ ቆመህ ስትጽፍ አይቼሃለሁ፣ ጋሼ። ለሐኪሙ የምትጽፍልኝ መስሎኝ፣ ‹እግዜር ይስጥህ› ብዬህ ነበር።»