ከመነጽሩ ሥር የነበረው ጥላ

ሪያድ በነበርኩባቸው ዓመታት መንሱራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ የሰው ፊት ማስተካከል ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ብዙ ፎቶ አበላሽቼ፣ ብዙ ስድብ ጠጥቼ ነው የለመድኩት። የሱቁ ባለቤት የመናዊ ሽማግሌ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። የሴት ፎቶ ከሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው ዓይኑ እያየ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። በዚያ ከተማ የሴት ፎቶ በባዕድ እጅ መቅረቱ ለሱቁም ለሠራተኛውም መዘዝ አለው። ሕጉን ወድጄው ነበር። አዲስ አበባ ላሉት ልጆቼ በየዓርቡ በስልክ ስለ አደራና ስለ እውነት የምሰብክ አባት ስለሆንኩ፣ ከራሴ ትምህርት ጋር የሚስማማ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ሱቁ እንደተከፈተ አንድ የወሎ ሰው ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ስልኩን አቀበለኝ። ፎቶው ላይ ፍሬሙ ወፍራምና ጥቁር የሆነ የዓይን መነጽር ያደረገች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ሴት አለች።

"እህቴ ናት" አለ። "ነሲም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከፎቅ ወደቀች አሉን። ከቀበርናት አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።"

"ነፍስ ይማር።"

"አሚን። አገር ቤት ሰው ለቅሶ እየደረሰ ነው፤ እናቴ ፎቶዋን ላክልኝ ትላለች። መነጽር አድርጋ አይታት አታውቅም። እንዲህ ብልክላት ይህች ልጄ አይደለችም ነው የምትለኝ። መነጽሩን አውልቅላት፣ ጋሼ።"

"ሌላ ፎቶ የላትም?"

"ስልኳን አሠሪዎቿ አልመለሱም። እኔ ዘንድ ያለው ይኸው ነው፤ ከመሞቷ አምስት ቀን በፊት የላከችልኝ። ዓይኔ ሩቁን አላይ አለኝ፣ መነጽር ጀመርኩ ብላኝ ነበር። አሁን ይደርሳል?"

"ፊት ነው እንጂ ብሎኬት አይደለም፤ በጥድፊያ አይደረደርም።"

"ብሎኬትም በጥድፊያ ከተደረደረ ይፈርሳል" አለና ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እጠብቃለሁ።"

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼ፣ ዋናውን ሳልነካ ቅጂው ላይ ሥራ ጀመርኩ። መነጽር ማውለቅ ፍሬሙን መሰረዝ ብቻ አይደለም። ከሥሩ የነበረውን ቆዳ መልሶ መሥራት ነው። መጀመሪያ በትንሽ ብሩሽ፣ ከፍሬሙ ጎን ካለው ቆዳ እየቀዳሁ ጥቁሩን መስመር ሸፈንኩት። ቆዳን ከአካባቢው ጋር የሚያዋሕደው መሣሪያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቁሩ ሳይነሳ ከተጠቀሙበት ጥቁሩን ይጎትትና ፊቱን ያቆሽሻል። ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ስስ ስለሆነ የጉንጭ ቆዳ አይለጠፍበትም፤ ሻካራ ሆኖ ያስታውቃል። አንደኛው ዓይኗ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ስለነበር፣ ደህናውን ዓይን ቀድቼ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ብሌኑ ላይ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ግን መልሼ ወደ መስኮቱ አዞርኳት። ሁለት ዓይን በሁለት ወገን ካበራ ፊቱ የሰው አይመስልም።

አፍንጫዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ብርሃኑ የሚመጣው በፎቶው ግራ በኩል ካለ መስኮት ነው። የመነጽሩም የአፍንጫዋም ጥላ መውደቅ ያለበት በቀኝ ነው። በቀኝ ወድቋል። ግን በግራም፣ ብርሃን በሚመታው በኩል፣ ከአፍንጫዋ ድልድይ ተነስቶ እስከ ዓይኗ ጥግ የሚደርስ ጠቆር ያለ ነገር አለ። አጉልቼ አየሁት። ጥላ ቆዳውን ያጠቁረዋል እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። ይህ ግን መሐሉ ወይን ጠጅ፣ ዳሩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነበር።

ቀጥሎ መስታወቱን አየሁ። የዓይን መነጽር ፊትን ያሳስታል። ለሩቅ የሚደረገው ዓይንን ያሳንሳል፣ የጉንጩም መስመር መስታወቱ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። የእሷ ጉንጭ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ልኬት የሌለው ባዶ መስታወት ነው። መነጽሩን ያደረገችው ለማየት ሳይሆን ላለመታየት ነበር።

ከዚያ ወንበሬን አዞርኩና ዋናውን ፎቶ አጉልቼ አሳየሁት።

"ይህ ጥላ አይደለም፣ ወንድሜ።"

ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን ወደ ስክሪኑ ሰደደና ሳይነካው መለሰው።

"መትተዋታል" አለ።

"ማን እንደሆነ ፎቶው አይናገርም። ግን ተመትታለች።"

"የት ልውሰደው? ያስመጣኝ አሠሪ፣ ከፊሌ፣ ኮብልሏል ብሎ አስመዝግቦኛል። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የለኝም። ፖሊስ ጋ ብሄድ እሷን ሳይጠይቁኝ እኔን ተርሒል አስገብተው ወደ አገር ይጠርዙኛል።"

ኢቃማዬ የጸና ነበር። ፎቶውን ይዤ ኤምባሲ ልሄድ እችል ነበር። ልጆቼ እንዲህ ያለ ታሪክ ቢነግሩኝ "ምን አደረግህ?" ብዬ የማፋጥጥ ሰው፣ የዚያን ቀን "እኔ ልውሰደው" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እንጀራዬን ፈራሁ። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

"ጨርስልኝ" አለ። "እናቴ ይህንን አይታ አትኖርም።"

ጨረስኩለት። ቁስሉን ከግንባሯ በተቀዳ ቆዳ ሸፈንኩ። በቀኝ በኩል ግን ጥላውን በሙሉ አላነሳሁም፤ ጥላ የሌለው አፍንጫ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለስላሳ ብሩሽ ወስጄ ድልድዩ እንዲነሳ አድርጌ ቀባሁት። በመጨረሻ የተሠራው ቦታ ተለይቶ እንዳይታወቅ የፎቶውን ብናኝ መሰል ሻካራነት መለስኩበት። ጥሩ ሥራ ነበር። ፊቷ ያረፈ፣ ጠግቦ ያደረ ሰው ፊት ሆነ።

"እሷ ናት" አለና አለቀሰ።

እንደ ሕጉ፣ እሱ እያየ ዋናውንም ቅጂውንም ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። እሱም የቀድሞውን ከስልኩ ሰረዘ። "ኸላስ፣ በቃ፣ ዳግመኛ አላየውም" አለኝ። እናቱ ፎቶውን ስታይ "አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቷት ነበር" ማለቷን በማግሥቱ ደውሎ ነገረኝ። እኔም ለአንዲት እናት ምሕረት እንዳደረግሁ ቆጠርኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። አልተቀመጠም።

"ታናሽ እህቴ ልትመጣ ነው። ደላላ አግኝታለች፣ በባሕር። አይሆንም ብላት ፎቶውን ትጠቅስብኛለች። እህቴ አምሮባት ነበር፣ የወደቀችው በአላህ ቀደር፣ ተጽፎባት ነው ትለኛለች። ያንን የመጀመሪያውን ስጠኝ።"

"አብረን አጠፋነው እኮ።"

"ሌላ ቦታ አላስቀረህም?"

"ሕጉን ታውቃለህ።"

"እንግዲያው መልሰህ ሥራው። ያነሳኸውን አንተው ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። ቀለሙ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው፤ በአንድ ሰዓት እመልሰው ነበር። ግን በሟች ፊት ላይ ቁስል አልስልም አልኩት፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ነው፣ ልጆቼንም እንዲህ አላስተምርም አልኩት። የጨዋ ሰው መልስ መስሎኝ ነበር። ቁስሉን ሳጠፋ ያልታየኝ ሐሰት ያን ጊዜ ታየኝ።

"ጋሼ፣ ስብከትህን ለልጆችህ ተወው" አለኝ። "ቢያንስ ደውለህ ንገራት።"

እሱ ፊት ለታናሽ እህቱ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ፣ መነጽሩን ሳነሳ ያየሁትን፣ ከዚያም ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

"ወንድሜ ነው እንዲህ በል ያለዎት?" አለችኝ በትሕትና። "እኔ ፎቶውን ቤት ውስጥ በየቀኑ ነው የማየው። ፊቷ ላይ ምንም የለም።"

በሳምንቱ ለጉዞ ተነሳች።