እናቴ በስልክ የካደችኝ ሳምንት

ሰርጌ ሳምንት ሲቀረው ናይሮቢ ላይ ቦርሳዬን ተሰረቅሁ። የሄድኩት ደብረ ብርሃን ላለችው ሱቄ ልብስ፣ ለራሴም የሙሽራ ጫማ ልገዛ ነበር። ታክሲ ውስጥ ስንጋፋ የቦርሳዬ ማንጠልጠያ ብቻ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ፓስፖርቴ፣ መታወቂያዬ፣ ስልኬ፣ ሁሉም ሄደ። ጫማው ግን በፌስታል እጄ ላይ ነበር። ስለካው ጣቴን የላጠኝ ጫማ፣ ሌባው እሱን ቢወስድልኝ ምን ነበረበት!

ሰርጉ እሑድ ነው፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ያ እሑድ ካለፈ እስከ ፋሲካ የሚድረን ሰው የለም። ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ተገዝቷል፣ የጎደልኩት እኔ ነኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ መሰረቄን የሚገልጽ ወረቀት አወጣሁና ወደ ኤምባሲያችን ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ፎርም አስሞላኝ፣ ፎቶ ተቀበለኝ። ሊሴ ፓሴ የሚባል፣ አገር ቤት ለመግባት ብቻ የሚያገለግል ወረቀት እንደሚሰጠኝ ነገረኝ።

"መጀመሪያ ግን ኢትዮጵያዊ መሆንዎን ማረጋገጥ አለብን። መታወቂያ?"

"ከፓስፖርቱ ጋር ተሰረቀ።"

"የፓስፖርቱ ኮፒ?"

"ስልኬ ላይ ነበር።"

"ስልክዎስ?"

"ከመታወቂያው ጋር ነዋ!"

አልተቆጣም። አገር ቤት ያለ ሰው የልደት ሰርተፍኬቴን ፎቶ አንስቶ ይላክ አለኝ። በቃሌ የማውቀው የእናቴን ቁጥር ብቻ ነው። ላገባው የተዘጋጀሁትን ሰው ቁጥር እንኳ ስልኬ ነበር የሚያውቅልኝ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ "ልጅሽ ውጭ አገር ታስራለች፣ ብር ላኪ" እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች ሰፈሩን አስጨንቀውት ነበር። ታናሽ ወንድሜ እናቴን በደንብ አስጠንቅቋታል። ሠራተኛው ይህን አያውቅም። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ደወለ።

"ጤና ይስጥልኝ እማማ። ከኤምባሲ ነው። ልጅዎ ፓስፖርቷ ተሰርቆ..."

"የምን ልጅ? እኔ ልጅ የለኝም።"

ከኋላዋ ከበሮ ይደለቃል፣ ሴቶች እልል ይላሉ።

"ቤት ሰርግ አለ እንዴ?"

"የጎረቤት ነው።"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ደግሞ ድምፅ መስረቅ ጀመራችሁ? በሬዲዮ ሰምተናል! ልጄ እዚሁ ጓዳ ተኝታለች።"

"አሁን ልጅ የለኝም አላሉም እንዴ?" አለ ሠራተኛው።

"አሁን አለችኝ! እንዳንተ ያለ ሌባ የሚያውቃት አይደለችም። ጨዋ ናት። እናቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።"

ይሄን ጊዜ ደሜ ፈላ።

"እማዬ፣ ሰው ፊት አትዋሺ! ለመጋረጃው ስንጣላ ሰፈሩ አልሰማም? እኔ የመረጥኩትን አውርደሽ ያንን ቡናማ አልሰቀልሽም?"

ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ጆሯቸውን አቁመዋል።

"ቡናማው ይሻላል ብያለሁ" አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጄ! ምን አገኘሽ? በልተሻል?"

አለቀስኩ። ሠራተኛው ስቆ ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዝምድናው ገብቶኛል" አለ። "ሰነዱ ግን ይላክ።"

ወንድሜ ሰርተፍኬቱን ላከ። ከዚያ ማጣራቱ ተጀመረ። አራት ቀን ኤምባሲው በር ላይ ጫማዬን ታቅፌ ዋልኩ፤ ጥበቃው ሳይቀር "ሙሽሪት" ይለኝ ጀመር። ዓርብ ወረቀቱ ወጣ። ፎቶዬ ሰው ልትደበድብ የተነሳች ሴት ይመስላል። አልከፋኝም፤ ኮፒ አስደረግሁና ቅዳሜ ገባሁ። ዋናውን ቦሌ ተቀበሉኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ እናቴ ጓዳ ውስጥ ስትሰግድ አገኘኋት። ጉልበቷን ያማታል፤ ግድግዳውን ይዛ ትነሳለች፣ ደግሞ ትወድቃለች።

"በሰንበት እንኳ አታርፊም?"

"የካድኩሽን ነው፤ ሳልጨርሰው አልድርሽም" አለች። "ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጴጥሮስም ክዷል ብለው አጽናኑኝ፤ ስግደቱን ግን አልማሩኝም።"

አፏን ይዛ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣበትን ወረቀት አሳዪኝ አለች። ኮፒውን አመጣሁላት። ዓይኗ ስለደከመ እኔ አነበብኩላት፤ ስሜን፣ ሳላውቀው የሞተውን አባቴን፣ አያቴን፣ የተወለድኩበትን።

"የኔ ስም የቱ ጋ ነው?"

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

"የለም፣ እማዬ።"

"ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ብለው ነው ያስጨነቁኝ?" አለችና ወረቀቱን ተቀብላ አራት ቦታ አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

"ለአዲሱ ፓስፖርት ያስፈልገኛል" አልኳት።

"ሲያስፈልግሽ ከኔ ትወስጃለሽ" አለች፤ ወደ ስግደቷም ተመለሰች።