የቀዘቀዘው ጋዝ

ፒያሳ ከታክሲ ወርጄ እሪ በከንቱ ሰፈር ወዳለው የኪራይ ክፍሌ ቁልቁል ስሄድ የክፍል ጓደኛዬ ደወለችልኝ። የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና ወረቀት እየታየ ነበር።

«አንቺ፣ ትልቁ ጥያቄ ላይ ጋዙን በረዶ አድርገሽዋል አሉ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወድቀሻል» አለችኝ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። እሱን ሳላልፍ አልመረቅም። ሰሜን ያለችው እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ ልትመጣ ልብሷን አሰፍታ ጨርሳለች።

በማግስቱ ወረቀቴን አየሁት። ጥያቄው ጋዙ ያወጣውን ሙቀት ይሰጥና ከሱ የሚበልጥ ሥራ በመቀነስ ምልክት ያስቀምጣል። ሥራውን ጋዙ ይሥራው በጋዙ ላይ ይሠራ አልተጻፈም። በፊት በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የመቀነስ ምልክት ማለት ጋዙ ራሱ ሠራ ማለት ነው። እዚህ ተቃራኒው ነው፤ ጋዙ ተጨመቀ ማለት ነው። ተዛውሬ የመጣሁት ዘግይቼ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት አላገኘሁም። እናም ሊሞቅ የሚገባው ጋዝ እኔ ወረቀት ላይ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ የተጠየቁት የሙቀት መጠኑም ግፊቱም ከዚያችው ቁጥር ስለሚነሱ ለሁሉም ዜሮ ተሰጠኝ።

እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ማመልከቻ ጻፍኩ። ስህተት ነው ከተባለ ለምልክቱ አንዴ ይቀነስብኝ፣ የቀረው ግን እኔ ባገኘሁት ቁጥር ይታረምልኝ አልኩ።

መምህሩ ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ቆመው አነበቡት።

«ወረቀቱ ላይ አለመጻፉ እውነት ነው። ግን ፈተናው ሲጀመር በቃሌ ተናግሬአለሁ፤ የተሰጠው ቁጥር ጋዙ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ስለዚህ መቀነሱ ተጨመቀ ማለት ነው ብያለሁ።»

«እኔ አልሰማሁም፣ መምህር።»

«አለመስማትና አለመነገር ይለያያል፣ ልጄ። አልተናገሩም የምትዪ ከሆነ እሱን ጨምሪበትና ፈርሚ። ያኔ ጥያቄው ጎደሎ ነበር ማለት ነው፤ ለትምህርት ክፍሉ አቀርበዋለሁ።»

እስክሪብቶ አቀበሉኝ። እኔ ፈተና ከመጀመሬ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይን እደግማለሁ። ያን ጠዋት ፈርቼ ስለነበር ጸሎቴን አስረዝሜዋለሁ። በዚያ መሐል ምን እንደተባለ አላውቅም። እስክሪብቶውን መለስኩላቸው።

ጓደኛዬ የሕንፃው መግቢያ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ነገርኳት።

«አልተናገሩም አትዪም ነበር? ማን ይመሰክርብሻል?»

«አንቺስ ሰምተሻል?»

«እኔማ የፊቴ ልጅ ምን እንደሚጽፍ እያየሁ ነበር» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «አይ አንቺ፣ ከማርክና ከጽድቅ ጽድቁን መረጥሽ። በይ እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ከታናናሾቻችን ጋር ተቀመጪ።»

ውጤቱ እንደነበረ ቀረ። እናቴን አትምጪ አልኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ «ትንሽ ገፋ ብሏል» አልኳት።

ያን ጠዋት በዚያ የፈተና አዳራሽ የነበራችሁ ሁሉ፣ መምህሩ ሲናገሩ ሰምታችሁ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ። ተናግረዋል ብትሉኝም አልቀየማችሁም። ያላስታወሳችሁ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እኔን ለመርዳት ብላችሁ አልተናገሩም እንዳትሉልኝ።